«ላይት»ን ሁሉ «ቀላል» አትበሉት

የጀማሪ ተርጓሚዎችን ረቂቅ ሳርም «ላይት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ያለበት ቦታ ስደርስ ቆም እላለሁ። ቃሉ በመልኩ አንድ ይምሰል እንጂ ከሁለት ሥር የመጣ ነው፤ አንዱ የብርሃን፣ ሌላው ክብደት የሌለው ነገር። ጀርመንኛ ዛሬም «ሊሽት» እና «ላይሽት» እያለ ይለያቸዋል።

ስም ሲሆን ብዙ አያስቸግርም። የሚበራና የሚጠፋው ዕቃ መብራት ነው፤ ከፀሐይም ከመብራትም የሚወጣው ብርሃን ነው። «ብርሃኑን አጥፋው» ብሎ የሚያዝ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

የሚያንገበግበኝ ቅጽሉ ነው። መዝገበ ቃላቱ «ቀላል» ስላለ ብቻ ዝናቡም፣ እንቅልፉም፣ ሰዉም ቀላል ይሆናል። ዝናቡ ካፊያ ነው። «ላይት ስሊፐር» የተባለው ሰው ኮሽ ሲል የሚነቃ ነው። አንዲት ጀማሪ «ሺ ትራቭልስ ላይት» የሚለውን «ቀላል ተጓዥ ናት» ብላ አመጣችልኝ። በአማርኛ ሰውን ቀላል ማለት ክብር መንሳት ነው! ደራሲው ያለው ስትጓዝ ጓዝ አታበዛም ነው፤ ትርጉሙ ግን ምስኪኗን ሴት ሰደባት። ለዚህ ነው «ቀላል» ብላችሁ ስትጽፉ ዓረፍተ ነገሩን እንግሊዝኛውን ላላየ ሰው አንብቡለት የምለው።

ለቅጽሉ የምጠቀምበት መፈተኛ ተቃራኒውን መጠየቅ ነው። በቦታው «ሄቪ» ቢገባ ተቃራኒ ትርጉም ከሰጠ ነገሩ የክብደት ወይም የመጠን ነው፤ «ዳርክ» ከሆነ ደግሞ የቀለም ወይም የብርሃን ነው። «ላይት ብሉ» ተቃራኒው «ዳርክ ብሉ» ስለሆነ ፈዛዛ ሰማያዊ እንላለን። «ላይት ሩም»ም ብርሃን የሞላበት ክፍል ይሆናል።

መፈተኛው ግን ሁልጊዜ አይበቃም፤ እኔም ተሳስቼበታለሁ። አንድ ልብ ወለድ ስተረጉም «ላይት ኮት» አጋጠመኝ። ሁለቱም ተቃራኒዎች ይገጥማሉ። ወቅቱ በጋ ስለነበር «ስስ ካፖርት» ብዬ አለፍኩ። ከሦስት ገጽ በኋላ ካፖርቱን የለበሰችውን ሴት የጭቃ ፍንጣቂ ነካትና ደራሲው «በዚያ ካፖርት ላይ እድፍ ከሩቅ ይታያል» አለ። ለካ የቀለም ነገር ኖሯል! ወደ ኋላ ተመልሼ «ነጣ ያለ ካፖርት» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም በሚገጥሙበት ቦታ ምልክት አድርጌ አልፋለሁ፤ የምወስነው ምዕራፉን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ግሱ ላይ ደግሞ ሻማ ይለኮሳል፣ ፊት ይፈካል። «ዘ በርድ ሊት ኦን ዘ ብራንች» ግን ከእሳት ጋር አይገናኝም፤ ወፏ ቅርንጫፉ ላይ አረፈች ማለት ነው። ይህኛው ግስ ከክብደቱ ወገን ነው፤ ጥንት ከፈረስ ወርዶ ሸክሙን ማቅለልን ያመለክት ነበር። የሚያስጠነቅቃችሁ ከግሱ ቀጥሎ የሚመጣው «ኦን» ነው።