የታንኳው ሞዴል ልኬት እንዴት እንደተስተካከለ

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በጣና ዳርቻ የተጋደመን የደንገል ታንኳ በተደራራቢ ፎቶዎች ወደ ባለሦስት አውታር ሞዴል ስቀይር ቅርጹ እጅግ ጥሩ ወጣ፤ ደንገሉን ያሰረው ገመድ እንኳ ይለያል። ርዝመቱ ግን በብረት ሜትር ከተለካው 4 ሜትር በ3 ሳንቲ ሜትር ያህል በልጦ ተገኘ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፎቶ ቅርጽን እንጂ መጠንን አይነግርም፤ ስለዚህ ሞዴሉን የሚሠራው `Metashape` የተባለው ፕሮግራም መጠኑን የሚያውቀው እኛ ከምንሰጠው አንድ የታወቀ ርቀት ነው። ያ ርቀት ደግሞ ከታንኳው አፍንጫ አጠገብ የተቀመጠ የ30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ነበር። ጫፎቹ በፎቶው ላይ ምልክት ሲደረግባቸው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ ታንኳው የማስመሪያውን ከ13 እጥፍ በላይ ስለሚረዝም ስሕተቱም በዚያው ልክ ተባዝቶ ወደ 27 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

መፍትሔው ርቀቱን ማስረዘም ነበር። በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ የተለጠፉ የታተሙ ምልክቶችን በታንኳው በሁለቱም ጫፍ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጥሁ፤ በመካከላቸው ያለውን 3.6 ሜትር በተወጠረ የብረት ሜትር ለክቼ ፎቶዎቹን እንደገና አነሣሁ። ከዚያም በ`Metashape` ውስጥ ሁለቱን ምልክቶች መርጬ `Create Scale Bar` በማለት 3.6 አስገባሁና `Update Transform` የሚለውን ተጫንሁ። አሁን ያው የ2 ሚሊ ሜትር ዝንፈት በታንኳው ርዝመት ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

በወርድ አቅጣጫ ያስቀመጥኋቸውን፣ 1.2 ሜትር የሚራራቁ ሌሎች ሁለት ምልክቶች ግን ለማመሳከሪያ ብቻ ስለፈለግኋቸው ከስሌቱ ውጭ አደረግኋቸው፤ ሞዴሉ 1.201 ሜትር አሳየ። ይህ ልዩነት ሰፊ ቢሆን ኖሮ ችግሩ የሞዴሉ መጣመም ይሆን ነበር፤ እርሱን ደግሞ ልኬት አያቃናውም፣ ከተለያየ ከፍታና ከጎን በማዘንበል የተነሡ ተጨማሪ ፎቶዎችን ይጠይቃል።