ከሥልጠና በኋላ ለተሳታፊዎች በሚላክ ኢሜይል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ባቄላ ቆርምድ በሽታ የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጠ እንበል። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከሞረትና ጅሩ የመጡ 40 የግብርና ባለሙያዎች «ስላይዱን በኢሜይል እንልክላችኋለን» ተብለው ተበተኑ። የዚህ ኢሜይል ሥራ ሦስት ነው፤ ፍሬ ነገሩን ማስታወስ፣ ስላይዱን ማድረስ፣ ቀጥሎ ማን ምን እንደሚሠራ ማሳወቅ።

ፍሬ ነገሩን ትቶ ቃለ ጉባኤ መጻፍ

«ስለ በሽታው ምልክቶች ሰፊ ውይይት ተደርጓል» የሚል ዓረፍተ ነገር ውይይት መኖሩን እንጂ ምን እንደተባለ አይናገርም። የተባለውን ራሱን ይጻፉ፦ «ቆርምድ የያዘው ቅጠል ከላይ ይሰረጉዳል፣ ከሥሩ ያብጣል፤ እባጩ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ቆይቶ ቡናማ ይሆናል።» ይህን ያነበበ ባለሙያ ሥልጠናው ላይ ባይገኝ እንኳ ማሳ ገብቶ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። እንዲህ ያሉ ከሦስት እስከ አምስት ነጥቦች ይበቃሉ፤ የቀረው ስላይዱ ውስጥ አለ።

የማይከፈት ስላይድ መላክ

ብዙ ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። በድሮው የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፓወርፖይንት ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ወይም ስልክ ሲከፈት ፊደሉ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩት፦ File, Save As, PDF። ፒዲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ አማርኛው እንዳለ ይታያል።

ሁለተኛው ችግር ክብደት ነው። የጂሜይል አባሪ ከ25 ሜጋባይት ማለፍ አይችልም። በስልክ ዳታ ለሚያወርድ የወረዳ ባለሙያ ግን 20 ሜጋባይትም ብዙ ነው። ክብደቱ የሚመጣው ከማሳ ፎቶዎቹ ስለሆነ፣ አንዱን ፎቶ ይንኩና Compress Pictures ውስጥ ገብተው ለሁሉም ፎቶ 150 ppi ይምረጡ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩ።

በጉግል ድራይቭ ሊንክ ከላኩ ደግሞ ፈቃዱን ይመልከቱ። Restricted እንደሆነ ከቀረ ተሳታፊው ፋይሉን ሳያገኝ ፈቃድ ጠይቆ ይጠብቃል። Anyone with the link እና Viewer ይበሉት፤ ከዚያ ሊንኩን በራስዎ አካውንት ባልተከፈተ ስልክ ይሞክሩት። በራስዎ አካውንት ሁልጊዜ ስለሚከፈት መሞከሩ ምንም አያሳይም።

ባለቤትና ቀን የሌለው ቀጣይ ሥራ

«ወረዳዎች ክትትል አድርገው ሪፖርት እንዲልኩ» የሚለው ሁሉን ያዘዘ ይመስላል፤ ሁሉም ወረዳ ግን ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል። እያንዳንዱ መስመር ማን፣ ምን፣ ስንት፣ መቼ፣ ለማን የሚሉትን መመለስ አለበት።

ቀኑ ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «8/11» ብቻ ከጻፉ አንዱ ሐምሌ 8፣ ሌላው ኖቬምበር 8 ብሎ ያነበዋል። የወሩን ስምና ዕለቱን ይጻፉ፤ ከውጭ የመጣ አሠልጣኝ ካለ የፈረንጁን ቀን አብረው ያስቀምጡ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «4 ሰዓት» ያልነው በስልኩ ካላንደር 10:00 AM ነው፤ ሳያስቡ 4:00 PM ብለው ግብዣ ከላኩ ሰዎቹ ስድስት ሰዓት ዘግይተው ይመጣሉ።

ተስተካክሎ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

> ርእስ፦ የቆርምድ ሥልጠና፦ ስላይድ እና እስከ ሐምሌ 30 የሚላክ ቅጽ
>
> የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣
> ስላይዱ ተያይዟል (ፒዲኤፍ፣ 4 ሜጋባይት)።
> 1. የየወረዳው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ በ3 ቀበሌ፣ በየቀበሌው 5 ማሳ አይቶ የተያያዘውን ቅጽ እስከ ረቡዕ ሐምሌ 30 ቀን 2017 (ኦገስት 6, 2025) በዚህ አድራሻ ይልካል።
> 2. ዓርብ ነሐሴ 2 ከጠዋቱ 4 ሰዓት (10:00 AM) በስልክ ስብሰባ ውጤቱን እናያለን።
> በ1 ላይ ችግር ያለበት እስከ ሐምሌ 20 ያሳውቀን።

የመጨረሻዋን መስመር አይተዉ። ማሳ መድረስ ያልቻለ ሰው ችግሩን በቀነ ገደቡ ዕለት ከሚናገር አስቀድሞ እንዲናገር በር ትከፍትለታለች።

አርባውንም አድራሻ To ላይ መደርደር

አንዱ Reply all ብሎ «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» ሲል ለአርባውም ይደርሳል፤ የሰዎቹም አድራሻ ያለፈቃዳቸው ይበተናል። To ላይ የራስዎን፣ Bcc ላይ የተሳታፊዎቹን ያስገቡ።

መዘግየት

በማግስቱ፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ውስጥ ይላኩ። ስላይዱ ካልተዘጋጀ ቀጣይ ሥራዎቹን አስቀድመው ልከው ስላይዱን በኋላ ያስከትሉ፤ ማሳው ላይ ያለው በሽታ ስላይድ አይጠብቅም። በእጅ ከተሞላው የስም መመዝገቢያ የተለቀሙ አድራሻዎች መካከል አንዳንዶቹ ስለማይነበቡ ተመልሰው የሚመጡ ኢሜይሎች ይኖራሉ። ለእነዚህ ሰዎች ያንኑ ጽሑፍና ፒዲኤፍ በዚያው ቀን በቴሌግራም ይላኩ፤ ትክክለኛውን አድራሻም ያኔውኑ ይጠይቋቸው።