ኮምቦልቻ ቤት፣ ደሴ ቦታ፣ ባንክ ውስጥ ብር፤ ሁሉም አንድ ቦታ

አሜሪካ ገብታችሁ ዓመት ሲሞላና የመጀመሪያው ዕዳ ቀለል ሲል፣ ስልኩ መደወሉ አይቀርም። «እታለም፣ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ቦታ ተገኝቷል፤ ቶሎ በይ፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው።» ትልካላችሁ። ቀጥሎ የባንክ አክሲዮን ይመጣል። ከዚያ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሁለተኛ ቤት። የተረፈው ብር ደግሞ ለክፉ ቀን ተብሎ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ይገባል። አምስት ዓመት እንዲህ ያለፈ የወሎ ልጅ ንብረቱን ሲቆጥር አራት ነገር ያለው ይመስለዋል።

ቤት መሥራቱን ልቃወም አይደለም። እናት ኪራይ ቤት እየኖረች ስለ አክሲዮን ማውራት ነውር ነው። ችግሩ ሁሉም ነገር እዚያው ሲሆን ነው። የገንዘብ ሰዎች ይህን «ሆም ባያስ» ይሉታል፤ ሰው የሚያውቀውን አገር ንብረት ብቻ የመያዝ ዝንባሌ ማለት ነው። የእኛ ብቻ አመልም አይደለም። ፍሬንች እና ፖተርባ የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካውያን ከአክሲዮናቸው 94 በመቶ፣ ጃፓኖች ደግሞ 98 በመቶ ያህሉን የያዙት በገዛ አገራቸው ነበር። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ በሺዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎች አሉበት። የእኛ ቤት ግን በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ካርታ የቆመ ነው።

እስቲ ወረቀት አውጡና ያላችሁን ሁሉ ጻፉ። ከጎኑ ደግሞ በቅርብ ዓመታት የደረሰውን ጻፉ። (ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ልበለው።) በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ከተሞቹ ነፃ የወጡት ኅዳር ማለቂያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተሰረዘች፤ ከኢንዱስትሪ ፓርክ ወደ አሜሪካ የሚላክ ልብስ ከቀረጥ ነፃ መግባቱ አበቃ። በሐምሌ 2016 ደግሞ ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

አሁን ከንብረታችሁ የትኛው በየትኛው ይነካል? ጦርነቱ ሁለቱንም ቤትና ኪራዩን ይነካል። አጎዋ ለፓርክ ሠራተኛ የሚከራየውን ክፍል ይነካል፤ ደመወዝ የሌለው ተከራይ ኪራይ ከየት ያመጣል? የብሩ መውደቅ ተቀማጩን፣ የአክሲዮኑን ትርፍና ኪራዩን በአንድ ቀን ቀነሰው። አራት የመሰለው ንብረት ሲፈተን አንድ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ወጪያችሁም እዚያው ነው። ኮምቦልቻ የታመመ ቀን ኪራዩ ይቆማል፤ በዚያው ቀን ስልኩም ይደወላል። አጎት ተፈናቅሏል፣ የእህት ልጅ ሆስፒታል ገብቷል፣ ሱቁ ተዘርፏል። ብዙ ገንዘብ የሚጠየቀው ንብረቱ ምንም በማይሰጥበት ወቅት ነው። በ2014 ኅዳር ደሴ ያለውን ቤት ሸጦ ዘመድ የረዳ ሰው አላውቅም፤ በዚያ ወር ማን ይገዛል? የረዳው እዚህ በዶላር ያስቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ ከአገር ውጭ ያለ ንብረት ለአገር ቤት ጀርባ መስጠት ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ እንዲያውም ቤተሰብን ለመርዳት ነው የሚጠቅመው።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንሥራ። አንዲት የደሴ ልጅ በጥር 2012 10,000 ዶላር አላት እንበል። ያኔ የባንክ ምንዛሪው 32 ብር ገደማ ነበር፤ ወደ 320,000 ብር ይሆንላታል። በዓመት 10 በመቶ በሚከፍል ተቀማጭ አምስት ዓመት ብታስቀምጠው ወደ 515,000 ብር ያድጋል። በብር ሲታይ ደስ ይላል። በጥር 2017 ግን ዶላሩ 125 ብር ገደማ ነው፤ ያ ሁሉ ብር ወደ 4,100 ዶላር ብቻ ነው። ከግማሽ በላይ ጠፋ፤ ማንም ግን አልሰረቃትም።

«ቤት ብትገዛበትስ?» ትሉኛላችሁ። ቤት ከተቀማጭ ይሻላል፤ ዋጋው ከኑሮ ውድነቱ ጋር ይራመዳል። ግን ልኬቱን ልብ በሉ። 320,000 ብር የተገዛ ነገር 10,000 ዶላሩን ለመመለስ ብቻ 1,250,000 ብር መሸጥ አለበት። አራት እጥፍ ማለት ነው፤ ያ ገና ትርፍ አይባልም። ደላላው «ሚሊዮን ገብቷል!» ሲላችሁ መጀመሪያ በዕለቱ ምንዛሪ አካፍሉት። ከዚያ የሽያጩን ግብርና የደላላውን ድርሻ ቀንሱ። ብሩን ወደ ዶላር ቀይሮ ማውጣቱም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፤ የውጭ ምንዛሪ ሕጉ በቀላሉ አያሳልፍም። ደግሞ ቤት ተቆርሶ አይሸጥም፤ 500 ዶላር ስትፈልጉ ሳሎኑን ለይታችሁ አትሸጡትም።

ያንኑ 10,000 ዶላር የብዙ አገር ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ላይ በሚይዝ የዓለም አክሲዮን ፈንድ ያስገባ ሰው መጋቢት 2012 ላይ በኮሮናው ድንጋጤ ሲሶ ያህሉ ሲጠፋ አይቷል። ሳይነካ የተወው ግን በጥር 2017 ከ15,000 ዶላር በላይ ነበረው። ይህ ጥሩ አምስት ዓመት ስለሆነ አትመኑበት። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2009 መጀመሪያ የዓለም አክሲዮን ከግማሽ በላይ ወድቋል። አክሲዮን የሚገባው ቢያንስ አምስት ዓመት የማትነኩት ገንዘብ ብቻ ነው። የሦስት ወር ወጪያችሁ በዶላር ቁጠባ ውስጥ ከመቀመጡ በፊትም ባትጀምሩ ይሻላል።

ወደ አሠራሩ እንግባ። አሜሪካ ያላችሁ መጀመሪያ መሥሪያ ቤታችሁን ጠይቁ። 401(k) የሚባለው የጡረታ ቁጠባ ካለውና እናንተ ስታስገቡ አሠሪው የሚጨምር ከሆነ፣ ሙሉውን ጭማሪ እስክታገኙ አስገቡ። ይህን የሚተው ሰው ደመወዙን እየመለሰ ነው። ብዙ ጊዜ በጡረታ ዓመታችሁ የተሰየመ ፈንድ ውስጥ ያስገቧችኋል፤ ብዙዎቹ የአሜሪካንም የሌላውንም ዓለም አክሲዮን ይይዛሉ። ዝርዝሩን ከፍታችሁ አረጋግጡ።

ከዚያ ውጭ ለሚተርፈው አክሲዮንና ፈንድ የሚገዛበትን የብሮከሬጅ አካውንት ትከፍታላችሁ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ አድራሻና የባንክ አካውንት ይበቃል። መፈለጊያው ላይ VT ብላችሁ ብትጽፉ የቫንጋርድ የዓለም አክሲዮን ፈንድ ይወጣል። በአንድ ግዢ ከአሜሪካ እስከ ጃፓን፣ ከሕንድ እስከ ብራዚል ወደ 10,000 ገደማ ኩባንያዎች ትንሽ ትንሽ ይደርሷችኋል። የዓመት ክፍያው ከ0.1 በመቶ በታች ነው፤ ከ1,000 ዶላር ላይ አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም። ደመወዝ በገባ ማግስት በራሱ እንዲገዛ አዛችሁ ተዉት። ዋጋው ሲወርድ ስልኩን ደጋግሞ መክፈት ጤና ያሳጣል።

ወለድና አልኮል ለማይነካ ሙስሊም ወገናችን ሸሪዓን መሠረት ያደረጉ ፈንዶች አሉ። HLAL የአሜሪካ ኩባንያዎችን፣ SPWO ከአሜሪካ ውጭ ያሉትን ይይዛል። ሁለቱን አጣምሮ መያዝ ይቻላል። ክፍያቸው ከVT ከፍ ይላል፤ የሚይዙት ኩባንያም ያነሰ ነው። ባንኮች ስለሚወጡ ቴክኖሎጂ ያመዝንባቸዋል።

«አሜሪካ ነው ያለሁት፣ የአሜሪካን ብቻ ልግዛ» የሚልም አለ። እርሱም ያው በሽታ ነው፤ አገሩ ብቻ ተቀየረ። ደመወዛችሁ ከአሜሪካ ነው። ሥራ የሚያሳጣችሁ ቀውስ አክሲዮኑንም ያወርዳል። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ገበያቸው የማይበገር መስሏቸው ነበር፤ የገበያቸው መለኪያ የሆነው ኒኬይ ወደዚያ ከፍታ የተመለሰው በ2024 ነው። የምትሠሩበትን ኩባንያ አክሲዮን ብቻ መያዝ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው።

ስንት ለዚህ፣ ስንት ለዚያ? የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ያላችሁን ቤት አትሽጡ፤ አዲሱን ገንዘብ አዙሩ። በወር 600 ዶላር የሚተርፋችሁ ከሆነ፣ 200 ለቤተሰብ፣ 200 ለጀመራችሁት ቤት፣ 200 ለዓለም ፈንድ አድርጉ። ኮምቦልቻ ያለው ቤት ጣሪያው ከተመታ በኋላ ሁለተኛ ቦታ ከመጀመር ይልቅ የቤቱን ድርሻ ወደ ፈንዱ አዛውሩ። ዕድሜያችሁ ገፍቶ ደሴ ገብታችሁ ልትኖሩ ከወሰናችሁ ግን ሚዛኑ ይለወጣል። ያኔ ወጪያችሁ በብር ነው፤ የምትኖሩበት አንድ ቤት እዚያ መኖሩ ከኪራይ ንረት ያድናችኋል። ሦስተኛው ቤት ግን ያንን ሥራ አይሠራም።

«ዓለም አቀፍ ኢንቨስትመንት» የሚለው ቃል ለሌቦችም ተመችቷል። ቴሌግራም ላይ በወር 10 በመቶ የሚል የፎሬክስ ቡድን፣ ሰው ስታመጡ ኮሚሽን የሚከፍል መተግበሪያ፣ ገንዘቡን በክሪፕቶ ላኩ የሚል ሁሉ ይቅርባችሁ። ደህና ብሮከር BrokerCheck በተባለው የብሮከሮች ማጣሪያ ድረ ገጽ ላይ ስሙ ይገኛል፣ የSIPC አባል ነው፣ ትርፍ ይህን ያህል ነው ብሎ ቃል አይገባም። SIPC የሚሸፍነው ብሮከሩ ሲከስር ነው፤ ገበያው ሲወርድ ለጠፋው አይከፍልም።

አገር ቤት ላለው ንብረት ደግሞ አንድ የወረቀት ሥራ አለ። ግሪን ካርድ የያዘም ዜጋ የሆነም፣ ከአሜሪካ ውጭ ያሉት የባንክ አካውንቶቹ ድምር በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ FinCEN Form 114 የተባለውን የውጭ አካውንት ማሳወቂያ ቅጽ መሙላት አለበት። በስማችሁ የተመዘገበ ቤት ራሱ አይቆጠርም። ኪራዩ የሚገባበት የደሴ አካውንት ግን ይቆጠራል፤ ወንድም በውክልና ቢያንቀሳቅሰውም ስሙ የእናንተ ነው። ግብር አይከፈልበትም፣ የሚሞላው በኢንተርኔት ነው፣ ቀኑ ኤፕሪል 15 ሲሆን ያለፈው እስከ ኦክቶበር 15 በራሱ ይራዘምለታል። ቅጣቱ ከባድ ስለሆነ ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው እሱ ባይጠይቅም እናንተ ንገሩት። ኪራዩ ራሱ ደግሞ ገቢ ነውና በዓመቱ የታክስ ቅጽ ላይ ይገባል።