ቶሎ የሚሸተው ንጥር ቅቤ እንዴት እንደተስተካከለ

ያነጠርኩት ቅቤ ወር ሳይሞላው ሥሩ ውሃ ይቋጥርና ይሸታል። ኮሰረት ብጨምርም፣ ፍሪጅ ባስገባም ለውጥ የለም። ለካ ጣጣው ቅቤው ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው።

አሁን አንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ በትንሽ እሳት አቀልጣለሁ። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል መጀመሪያ ይገባሉ፤ የእነሱም ውሃ መትነን አለበት። አረፋውን እየገፈፍኩ ጆሮዬን እሰጣለሁ። መንጣጣቱ ጸጥ ሲል፣ ቅቤው ጠርቶ የድስቱ ሥር ሲታይ ውሃው አልቋል። ያኔ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ እርድና ትንሽ አብሽ ጨምሬ ጥቂት ደቂቃ ቆይቼ አወርዳለሁ። አብሽ ካረረ ይመራል።

አተላው ሲዘቅጥ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ አጠልላለሁ፤ አይጨመቅም። (አተላው ለፍርፍር ግሩም ነው።) በደረቀ ጠርሙስ፣ በደረቅ ማንኪያ እየተቀዳ ፍሪጅ ውስጥ ወራት ይቆያል። ውጭ ከዋለ ግን በጥቂት ሳምንት ይለቅ።