ጠመንጃን በ25 ሜትር ሲያስተካክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎጃም ደጋ ከዒላማው ጀርባ ጥይት የሚያስቀር የአፈር ተዳፋት ያለውና ሰውም ከብትም የማያልፍበት ረጅም ሜዳ በቀላሉ ስለማይገኝ፣ ፈቃድ ያላቸው የዒላማ ተኳሾች ቴሌስኮፕ የተገጠመለትን ጠመንጃ በ25 ሜትር ማስተካከል ያዘወትራሉ። አሠራሩ ጥሩ መነሻ ነው፤ ችግሩ ውጤቱን በመተርጎም ላይ ነው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት በ25 ሜትር መሐል የመታ ጠመንጃ በ100 ሜትርም መሐል ይመታል ብሎ ማመን ነው። ቴሌስኮፑ ከአፈሙዙ በላይ ስለሚቀመጥ፣ ጥይቱ የዕይታውን መስመር በ25 ሜትር እንዲያገኝ አፈሙዙ በጥቂቱ ወደ ላይ ማዘንበል አለበት። ጥይቱም መስመሩን እዚያ አቋርጦ መውጣቱን ይቀጥላል፣ ከዚያም በስበት ኃይል ተመልሶ ይወርዳል። ለምሳሌ ቴሌስኮፑ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ጥይቱም በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ የሚወጣ የ.308 ጠመንጃ ቢሆን፣ በ100 ሜትር ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይመታል፤ 190 ሜትር አካባቢ መስመሩን ዳግም ያቋርጣል፤ በ300 ሜትር ግን ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ይህን ያልተረዳ ተኳሽ በ100 ሜትር ወደ መሐል ዝቅ ካደረገ በኋላ በ25 ሜትር 1.5 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ሲያገኘው መልሶ ከፍ ያደርገዋል፤ ጠመንጃው ምንም ሳይጎድለው ጥይቱን በከንቱ ይጨርሳል።

ሁለተኛው ስህተት በአንድ ጥይት ቀዳዳ መወሰን ነው። በ25 ሜትር የታየ የ1 ሴንቲ ሜትር ስህተት በ100 ሜትር 4፣ በ200 ሜትር 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት አስደግፎ ከሦስት እስከ አምስት ጥይት መተኮስና ማስተካከያውን ከቀዳዳዎቹ አማካይ ቦታ ተነስቶ ማስላት ይገባል።

ሦስተኛው የቴሌስኮፑን ቁልፍ አቆጣጠር ይመለከታል። ብዙዎቹ ቴሌስኮፖች በአንድ ቀጭታ ምቱን በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ያንቀሳቅሳሉ፤ በ25 ሜትር ግን የዚህን ሩብ ብቻ። እዚያ 1 ሴንቲ ሜትር ለማረም አምስት ወይም ስድስት ቀጭታ ያስፈልጋል።

የሌላን ሰው ልኬት መቅዳትም ያሳስታል። በላይኛው ምሳሌ የቴሌስኮፑ ከፍታ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ኖሮ ምቱ በ100 ሜትር ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይል ነበር። አንዳንዶች ልዩነቱን ከደብረ ማርቆስ ደጋ ወደ ዓባይ ሸለቆ በመውረድ ያመካኛሉ፤ የአየሩ ጥግግት ለውጥ ግን እስከ 200 ሜትር ባለው ርቀት የሚያመጣው ልዩነት ትንሽ ነው።

የመጨረሻው ስህተት በ100 ሜትር ሳያረጋግጡ መተው ነው። ጠመንጃው እንደ ላይኛው ምሳሌ ከሆነ፣ ወረቀቱ ላይ ከማነጣጠሪያው ነጥብ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ምልክት ይደረግ፤ ዓይን ከታችኛው ነጥብ ሳይለቅ ጥይቶቹ በምልክቱ ዙሪያ ካረፉ ማስተካከያው ተሳክቷል፣ ወደ ጎን ከሄዱ ደግሞ እርማቱ እዚያው በ100 ሜትር ይሠራ።