ፎቶ ላይ ቀጭን፣ እጅ ላይ ወፍራም፦ የውሻና የድመት ቁመናን በፎቶ ስንገምት የሚያሳስቱን ነገሮች

በቴሌግራም የሚደርሱኝ ፎቶዎች ከሥራቸው የሚይዙት ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ከስቷል ወይስ ወፍሯል?» ለመልሱ የምንጠቀምበት መለኪያ ከ1 እስከ 9 ይሄዳል። 1 ቆዳና አጥንት ነው፣ 9 ወገብ የሚባል ነገር የጠፋበት ነው፣ 5 ደግሞ ልኩ። ለውሻ 4ም ጥሩ ነው። መለኪያው እ.ኤ.አ. በ1997 በዶሮቲ ላፍላም ተሠርቶ የተፈተነ ነው፤ ይሁንና የተሠራው ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለእጅም ጭምር ነው። ፎቶ ላይ ግማሹ ብቻ ነው ያለን፣ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የምናየው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛው የጎድን አጥንት ነው፤ ልኩ ላይ ያለ እንስሳ ጎድኑ ብዙም አይታይም፣ ሲዳሰስ ግን ወዲያው ይገኛል። ሁለተኛው ወገቡ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ከጎድኑ ኋላ ሽንጡ ላይ ገባ ይላል። ሦስተኛው የሆዱ መስመር ነው፤ ከጎን ሲያዩት ከደረቱ ጀምሮ ወደ ብሽሽቱ ሽቅብ ይወጣል።

ምልክት፦ ፎቶው ላይ ቀጭን ነው፣ ሚዛኑ ግን ይከብዳል

ባለፈው ክረምት አንዲት ደንበኛዬ የውሻዋን ፎቶ ልካ «ምን ልጨምርለት?» አለችኝ። ቡቺ አጭር ጸጉር ያለው የአገር ውሻ ነው፣ ዕድሜው አራት ዓመት። ፎቶው ላይ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ኋላው ቀጭን ነው። እኔም መጀመሪያ 4 ብዬ ነበር።

ያሳሳተን ቁመቷ ነው። ቆማ፣ ስልኩን በደረቷ ልክ ይዛ፣ ቡቺ ቀና ብሎ ሲያያት ነው ያነሳችው። ለካሜራው የቀረበው ነገር ይተልቃል፣ የራቀው ያንሳል፤ ስለዚህ ጭንቅላቱ ገዝፎ ወገቡ የሌለውን ቅጥነት አገኘ። በዚያ ላይ ተቀምጦ ነበር። የተቀመጠ ውሻ የሆዱ መስመር አይነበብም።

መፍትሄው ፎቶውን እንደገና ማንሳት ነው፣ ጠዋት ሳይበላ። ውሻው በአራት እግሩ ይቁም፣ ፊቱን ወደፊት ያድርግ፣ ልብስ ካለው ይውለቅ። ለጎን ፎቶ ቁጢጥ ይበሉና ስልኩን በጎድኑ ከፍታ ይያዙ፤ ሁለት ሜትር ያህል ይራቁ፣ ካነሰብዎ ዙም ያድርጉ እንጂ አይጠጉ። ለላይኛው ፎቶ ስልኩ ከጀርባው መሐል ትክክል በላይ፣ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ ይዘርጋ። ብርሃኑንም ልብ ይበሉ፦ የጠዋት ወይም የማታ ፀሐይ ጸጉሩን ከጎን ስትመታው በጎድኖቹ መሐል ጥላ ይጥላል፣ ደህናውን ውሻ የከሳ ያስመስለዋል። ጥላ ቦታ የተነሳ ፎቶ ይሻላል።

አዲሱ ፎቶ ሲመጣ የቡቺ ጀርባ ከትከሻው እስከ ዳሌው እንደ ከበሮ ቀጥ ያለ ነበር፣ ሆዱም ሽቅብ የሚወጣው ትንሽ ብቻ። ጎድኑን እንድትዳስስ ነገርኳት። መዳፍዎን ወደ ታች አድርገው እጅዎን ይዘርጉና በሌላኛው እጅ ጣት የተዘረጋውን እጅዎን ጀርባ ይዳስሱ፤ የውሻው ጎድን እንዲህ ከተሰማ ልክ ነው። እንደተጨበጠ ቡጢ አንጓ ሹል ከሆነ ከስቷል። እንደ መዳፍዎ ወፍራም ክፍል፣ አጥንቱን ለማግኘት መጫን ካስፈለገ ግን ወፍሯል። የቡቺ ሦስተኛው ሆነ። 7 ሰጠሁት።

ከ5 በላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ በግምት የ10 በመቶ ትርፍ ክብደት ነው። ቡቺ 18 ኪሎ ነበር፤ ሁለት ነጥብ ትርፍ ማለት 20 በመቶ ነውና 18ን ለ1.2 ስናካፍለው 15 ኪሎ ይወጣል። ምክንያቱን ስንፈልገው ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው ሦስቱም ሳይነጋገሩ የሚመግቡት ሆኖ ተገኘ፣ ከዚያም ላይ የወጥ ትራፊ። (ወጡ ለውፍረቱ ብቻ አይደለም የሚከፋው፤ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል።) መጋቢውን አንድ ሰው አደረግን፣ መስፈሪያውን አንድ ኩባያ፣ መጠኑን ከቀድሞው በአምስተኛ ቀነስን። ውሻ በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢቀንስ ደህና ነው፤ ለቡቺ ይህ ከ180 እስከ 360 ግራም ነው። የሚመዝኑበት ከሌለ ውሻውን አቅፈው የቤት ሚዛን ላይ ይውጡና የራስዎን ይቀንሱ። ፎቶውንም በየሁለት ሳምንቱ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ከፍታ ያንሱ፤ ሁለት ፎቶ የሚነጻጸረው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ምልክት፦ ሆዱ የተነፋ፣ ጎድኑ ግን የሚታይ

ይህኛው ያስፈራኛል፣ ምክንያቱም ባለቤቱ «ወፍሯል» ብሎ ምግብ ሊቀንስበት ይችላል። ስብ ሆድ ላይ ብቻ አይከማችም፤ ጎድን፣ አከርካሪና የጭራ ሥር ላይም ይቀመጣል። ጎድኑና አከርካሪው ቁልጭ ብለው ሆዱ ብቻ ከተነፋ ስብ አይደለም። ቡችላ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ወስፋት ነው፤ ትልቅ እንስሳ ከሆነ ውሃ የቋጠረ ሆድ፣ እርግዝና ወይም የውስጥ አካል እብጠት ሊሆን ይችላል። ነጥቡን ሆዱን ትተው ከጎድኑና ከአከርካሪው ይስጡ፣ ምግቡን አይቀንሱ፣ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። የቡችላ የወስፋት መድኃኒት መጠን በክብደቱ ስለሚሰላ በግምት አይስጡት። ሆዱ በድንገት ተነፍቶ ሊያስመልሰው እየታገለ ምንም የማይወጣለት ውሻ ካጋጠመዎት ግን ፎቶ አይላኩ፣ በዚያው ሰዓት ይሩጡ።

ምልክት፦ የድመቷ ሆድ ተንጠልጥሏል

ድመት ከኋላ እግሯ ፊት የምትንጠለጠል ልል ቆዳ በተፈጥሮዋ አላት፤ ቀጭን ድመትም አላት። ስለዚህ በሆዷ መስመር ብቻ የሚፈርድ ሰው ብዙ ድመት ያለ ኃጢአቷ ወፍራም ይላታል። ከላይ የተነሳውን ፎቶ ያስቀድሙ፦ ወገቧ ገባ ካለ፣ ጎድኗም በቀላሉ ከተዳሰሰ፣ የተንጠለጠለውም ሲይዙት ባዶ ቆዳ ከሆነ ደህና ናት። ሞላ ያለ፣ ጭብጥ የሚያደርግ ስብ ከሆነና ወገቧም ከጠፋ 7 እና ከዚያ በላይ ነው። ስትራመድ የተነሳ አጭር ቪዲዮ ከሦስት ፎቶ ይበልጣል፤ ባዶው ቆዳ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል።

ድመትን ማክሳት እንደ ውሻ አይደለም። በሳምንት 1 በመቶ አካባቢ ይበቃታል፣ ማስራብ ግን ክልክል ነው፦ ወፍራም ድመት ጥቂት ቀን ካልበላች ስቡ ጉበቷን ይወርራል፣ ሊገድላትም ይችላል። አዲሱን ምግብ እምቢ ብላ አንድ ቀን ካለፈ የቀድሞውን ይመልሱላትና ይደውሉ።

ምልክት፦ ጸጉሩ ረጅም ነው፣ ምንም አይታይም

እዚህ ፎቶ አይፈርድም፣ እኔም ቁጥር አልሰጥም። ሲታጠብ እርጥብ ሳለ አንድ ፎቶ ያንሱ፤ ካልሆነም እጅዎን ጎድኑ ላይ ሲያንሸራትቱ ቪዲዮ ይቅረጹና የተሰማዎትን ከእጅዎ ጀርባ፣ ከቡጢዎ ወይም ከመዳፍዎ ጋር አነጻጽረው ይጻፉልኝ።

ያረጁትም እንዲሁ እጅ ይፈልጋሉ። የ12 ዓመት ውሻ ጎድኑ ላይ ስብ ኖሮት 5 ቢመስልም፣ አከርካሪው ግራና ቀኝ ተጎድጉዶ ዳሌው ከሾለ የቀነሰው ጡንቻው ነው። ያንን ከ1 እስከ 9 ያለው መለኪያ አይይዘውም፣ ከነጥቡ ጎን ለብቻው ይጻፋል።