ማቆያ ከመምረጣችሁ በፊት በ7 ሰዓት ሂዱ

ባሕር ዳር ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ለምትፈልጉ እናቶችና አባቶች ነው የምጽፈው። ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ገና የሦስት ወር ልጅ ታቅፈን በጥድፊያ እንመርጣለን። እኔም እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

መጀመሪያ ለቤታችሁ ወይም ለሥራችሁ ቅርብ የሆነውን ለዩ። በክረምት ዝናብ ከአባይ ማዶ ድልድይ እየተሻገሩ ሕፃን በባጃጅ ማመላለስ ይከብዳል። ዋጋ ጠይቁ፣ ፈቃዳቸውን እዩ።

ቀጥሎ ያለው ነው ከባዱ፤ በየትኛው ሰዓት ትጎበኙታላችሁ? እኔ ቀድሜ ደውዬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሄድኩ። ወለሉ ተወልውሏል፣ ልጆቹ ታጥበዋል፣ ሦስት ሞግዚቶች አብረዋቸው ይዘምራሉ። ደስ ብሎኝ እዚያው ከፈልኩ። በሦስተኛው ሳምንት፣ በመጋቢት ሙቀት፣ ከሥራ ቶሎ ወጥቼ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። አሥራ አንድ ልጆች መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ተኝተዋል። ልጄ በላብ ርሳለች። አንዷ ሞግዚት ምሳ ወጥታለች፣ አንዷ ጓሮ ልብስ ታጥባለች፣ ሦስተኛዋ ወጥ ቤት ናት። ልጆቹ አጠገብ አንድም ትልቅ ሰው የለም። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ምሳ ሰዓት ላይ የሚተካ ሰው ስላልነበራቸው ነው።

ስለዚህ ሳትደውሉ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ሂዱ። ልጆቹ እንዳይነቁ ከበር ላይ ልያቸው በሉ። ይህንንም ከከለከሏችሁ ሌላ ፈልጉ። ሞግዚቶችን ስትቆጥሩ በግቢው ያሉትን ሳይሆን የመኝታ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ብቻ ቁጠሩ። አንድ ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት፣ አንዲት ሞግዚት ከሦስት ወይም ከአራት በላይ ብትይዝ እኔ ልጄን አልሰጥም። ሕፃናቱ በጀርባቸው መተኛታቸውን፣ ፊታቸው አጠገብ ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ አለመኖሩን እዩ።

የታለበ የእናት ጡት ወተት የምትልኩ ከሆነ መብራት ሲጠፋ የት እንደሚያስቀምጡት ጠይቁ። ከፍሪጅ ውጭ የሚቆየው ቢበዛ ለ4 ሰዓት ያህል ነው፣ በእኛ ከተማ ሙቀት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በረዶ ያለበት መያዣ ራሳችሁ ብትልኩ ይሻላል። ውኃም እንደዚሁ ነው፤ ሮቶ አለን ቢሏችሁ ቧንቧውን ከፍታችሁ እዩት።

ካስገባችሁ በኋላ ደግሞ ጠዋት ዳይፐሩ ላይ በእስክሪቢቶ ትንሽ ምልክት አድርጉ። ማታ ያው ምልክት ያለበት ዳይፐር ከተመለሰ ቀኑን ሙሉ አልቀየሩም ማለት ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት የልጄ ቆዳ ከቆሰለ በኋላ ነው።

ሌላ ወላጅ ስለ ማቆያው ሲጠይቃችሁ "ጥሩ ነው" ብላችሁ አትለፉ። በስንት ሰዓት እንደሄዳችሁ፣ ክፍሉ ውስጥ ስንት ሞግዚትና ስንት ልጅ እንዳያችሁ፣ የልጃችሁን ዕድሜም ንገሩት። ለሦስት ዓመት ልጅ የተመቸ ቤት ለሦስት ወር ሕፃን ላይሆን ይችላል። መቼ እንዳያችሁትም ጨምሩ፣ ሞግዚቶች ቶሎ ቶሎ ይቀያየራሉና።